ከመጠይቅ ነጥብ ወደ ፐርሰፕችዋል ማፕ፦ ለፖዚሽኒንግ አሳይመንት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌው ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ ማራኪ ያሉ አምስት ካፌዎች ናቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብለናቸዋል፣ ቁጥሮቹም ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው።

ፐርሰፕችዋል ማፕ የሚያሳየው ምንድን ነው?

ደንበኛው ተፎካካሪዎቹን በአእምሮው የት የት እንዳስቀመጣቸው ያሳያል። ሁለት ዘንጎች አሉት። እያንዳንዱ ዘንግ ሰው ካፌዎቹን የሚለይበት አንድ መለኪያ ነው፤ እያንዳንዱ ካፌ ደግሞ በሁለቱ መለኪያዎች ባገኘው አማካይ ነጥብ አንድ ቦታ ይይዛል። ተቀራርበው የተቀመጡት ለደንበኛው አንዱ በሌላው የሚተኩ ናቸው፤ የተራራቁት ግን አይተካኩም።

የሚለካው የሰው እምነት ነው እንጂ ሜኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ወይም የወንበሩ ብዛት አይደለም። ስለዚህ ቡድናችሁ ተሰብስቦ «ይሄ ውድ ነው፣ ያ ርካሽ ነው» እያለ ነጥብ ቢሰጥ የተሳለው የቡድኑ አስተያየት ብቻ ነው። መጠይቅ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የትኞቹን ካፌዎችና የትኞቹን መለኪያዎች ልምረጥ?

ተፎካካሪ የሚባለው ደንበኛው በዚያች ሰዓት አንዱን ትቶ ሌላውን ሊመርጠው የሚችለው ነው። ከክፍል ወጥቶ ማኪያቶ ሊጠጣ የሚሄድ የማራኪ ተማሪ የቱሪስት ሆቴል በረንዳን ከምርጫው ውስጥ አያስገባም፤ ካርታው ላይ ብታስገቡት ግን አንድ ጥግ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ ሌሎቹን ሁሉ አንድ ላይ ያጨናንቃቸዋል። መጀመሪያ ለጥቂት ሰዎች «ባለፈው ሳምንት የት የት ጠጣችሁ? እዚያ ቦታ ባይኖርስ የት ትሄዱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩ ከዚያ ይወጣል።

መለኪያዎቹም ከሰው አፍ መምጣት አለባቸው። እኔ የምመርጠው ዘዴ ሦስት ካፌዎችን ጠርቶ «ከእነዚህ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሚለየው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አሥር ያህል ሰው ከተጠየቀ በኋላ መልሱ መደጋገም ይጀምራል። በእኛ ምሳሌ አምስት ወጥተዋል፦ የቡናው ጣዕም፣ ንጽህና፣ የአገልግሎት ፍጥነት፣ የዋጋ ተመጣጣኝነት እና ረጅም ሰዓት ለመቀመጥ ያለው ምቾት።

መጠይቁን እንዴት ልጻፈው? መቼና የትስ ልበትነው?

ለእያንዳንዱ ካፌና ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡና ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 7 (በጣም እስማማለሁ) ነጥብ ይስጡበት። ሁሉም ዓረፍተ ነገሮች ከፍተኛው ቁጥር ጥሩውን እንዲያመለክት አድርጋችሁ ጻፏቸው። «ዋጋው ውድ ነው» ከማለት «ዋጋው ለኪሴ ይስማማል» ማለት ይሻላል፤ አለበለዚያ ካርታው ላይ ቀኝና ግራ ይገለበጥባችኋል። በየካፌው መጨረሻ «አላውቀውም» የሚል ምርጫ መኖሩን አትርሱ። ይህ ምርጫ ከሌለ ሰው ላለማሳፈር ሲል የማያውቀውን ካፌ 4 እየሰጠ ያልፈዋል።

ቦታው ውጤቱን ይለውጣል። ካፌ ሀ በር ላይ ቆማችሁ ከጠየቃችሁ የምታገኙት ሀን የሚወዱትን ነው። ግቢ በር ላይ፣ ታክሲ መያዣ ላይ፣ ቢሮ አካባቢ ከፋፍላችሁ ጠይቁ። ጊዜውም እንደዚሁ ነው፦ በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ካፌው ሁሉ ይጨናነቃል፣ ሰውም ስለ ምቾትና ስለ ዋጋ የሚሰጠው ነጥብ የዚያን ሳምንት ስሜት ይይዛል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ማኪያቶ የሚተው ብዙ ስለሆነ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ትዕዛዝ ነው። በዚህ ወቅት መሰብሰብ ግድ ከሆነባችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት።

የሰበሰብኩትን ነጥብ እንዴት ወደ አማካይ ልቀይረው?

ኤክሴል ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱ የካፌና የመለኪያ ጥምረት አንድ አምድ ይሁን። «አላውቀውም» ያለ ሰው ሕዋሱ ባዶ ይቀመጣል፤ 0 አይጻፍበትም። `AVERAGE` ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮን ግን እንደ ነጥብ ይቆጥረዋል። ከ50 ሰው ሠን የሚያውቁት 18 ብቻ ነበሩ፣ ለዋጋው የሰጡት አማካይም 4.1 ነው። የቀሩትን 32 ሰዎች በዜሮ ብትሞሏቸው አማካዩ ወደ 1.5 ይወርዳል፤ መካከለኛ የነበረው ካፌ የከተማው ውዱ ካፌ ሆኖ ይወጣል። ከ1 እስከ 7 በተሰጠ ነጥብ ላይ ከሌሎቹ በእጅጉ የራቀ ዝቅተኛ አማካይ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

| ካፌ | ጣዕም | ንጽህና | ፍጥነት | ዋጋ | ምቾት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሀ | 5.7 | 6.0 | 3.6 | 2.8 | 5.6 |
| ለ | 5.5 | 5.7 | 3.9 | 3.3 | 5.1 |
| ሐ | 5.2 | 5.3 | 5.9 | 5.7 | 2.6 |
| መ | 5.4 | 5.4 | 5.5 | 5.3 | 3.2 |
| ሠ | 5.3 | 5.5 | 4.0 | 4.1 | 3.4 |

ከአምስቱ ሁለቱን ዘንግ በምን ልምረጥ? ሰው ንጽህና ከሁሉም ይበልጣል ብሏል።

ንጽህና አስፈላጊ መሆኑ እውነት ነው፤ ካፌዎቹን ግን አይለያቸውም። ሠንጠረዡን ብታዩት ከዝቅተኛው 5.3 እስከ ከፍተኛው 6.0 ያለው ልዩነት 0.7 ብቻ ነው። ሰው ንጹሕ ያልሆነ ካፌ አይገባም፤ ንጹሕ ከሆኑት መካከል ሲመርጥ ግን በሌላ ነገር ነው የሚመርጠው። ጣዕምም ተመሳሳይ ነው። ዘንግ መሆን ያለበት ለምርጫው የሚያስፈልግም፣ ካፌዎቹን የሚለያይም መለኪያ ነው። ፍጥነት፣ ዋጋና ምቾት እዚህ ውስጥ ይገባሉ፤ ልዩነታቸው ከ2 በላይ ነው።

ቀጥሎ ሦስቱ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚዛመዱ እዩ። የካፌዎቹ አማካዮች ከረድፍ 2 እስከ 6፣ ዋጋ በ`B`፣ ምቾት በ`C`፣ ፍጥነት በ`D` ከሆኑ፦

```
=CORREL(B2:B6,D2:D6)
=CORREL(B2:B6,C2:C6)
```

የመጀመሪያው 0.97 ይሰጣል፦ ዋጋውና ፍጥነቱ አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ሁለቱን ዘንግ ብታደርጓቸው ነጥቦቹ በአንድ ሰያፍ መስመር ላይ ይደረደራሉ፣ ሁለተኛው ዘንግም አዲስ ነገር አይነግራችሁም። ሁለተኛው -0.95 ነው። ይህም ጠንካራ ተዛምዶ ነው፤ ምልክቱ ተቃራኒ ስለሆነ ግን የሚናገረው ሌላ ነው፦ በዚህ ገበያ ምቾት የፈለገ በዋጋ ይከፍላል፣ ርካሽ የፈለገ ቶሎ ይነሳል። ይህ መስዋዕትነት ለፖዚሽኒንግ የሚፈለገው ነገር ስለሆነ ዋጋንና ምቾትን መርጠናል። አምስት ነጥብ ብቻ ያለው ተዛምዶ በቀላሉ እንደሚወዛወዝ ግን አትርሱ፤ አንድ ካፌ አውጥታችሁ ደግማችሁ አስሉና ምልክቱ ይቀየር እንደሆነ ተመልከቱ።

መለኪያዎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ በኤስፒኤስኤስ ፋክተር አናሊሲስ አድርጎ አንድ ላይ የሚሄዱትን ወደ አንድ ዘንግ መሰብሰብ ይቻላል። ለአምስት መለኪያ ግን ከላይ ያለው ይበቃል፣ ለማስረዳትም ይቀላል።

ኤክሴል ላይ እንዴት ልሳለው?

የዋጋና የምቾት አምዶችን መርጣችሁ `Insert` ውስጥ `Scatter` ን ተጠቀሙ። `Line` አይሆንም፤ ካፌዎቹን በተርታ ያገናኛቸዋል። የካፌዎቹን ስም ለማስገባት `Data Labels` ውስጥ `Value From Cells` አለ። ሁለቱንም ዘንጎች ከ1 እስከ 7 ራሳችሁ ወስኑ። ኤክሴል በራሱ ከወሰነው ነጥቦቹ ያሉበትን ጠባብ ክልል አስፍቶ ያሳያል፣ የሌለ ክፍተትም ትልቅ መስሎ ይታያል።

ዘንጎቹ የሚቋረጡበት ቦታ ትርጉሙን ይለውጣል። በአማካዩ ላይ ካቋረጣችኋቸው (እዚህ ዋጋ 4.24፣ ምቾት 3.98) ካርታው «ከተፎካካሪዎቹ አንጻር» ይነበባል። በልኬቱ መሃል 4 ላይ ካቋረጣችኋቸው ደግሞ «ሰው ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም» ይነበባል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ ይቀራረባሉ። ንጽህናን ዘንግ ብታደርጉ ኖሮ ግን በአማካዩ ሲቆረጥ 5.3 ያገኘው ሐ «ቆሻሻ» ጎን ላይ ይወድቅ ነበር፤ ሰው ያላለው ነገር ነው። የቱን እንደመረጣችሁ ከስዕሉ ሥር ጻፉ።

ሀ እና ለ ተጠግተዋል። ሀ ከለ ይበልጣል ልበል?

አትበሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ከናሙና የመጣ አማካይ ስለሆነ በዙሪያው ስህተት አለው። በአንድ ካፌ ላይ የሰዎች ነጥብ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 1.4 ቢሆንና 50 ሰው ቢመልስ፣ 1.4 ለ50 ካሬ ሥር ሲካፈል 0.2 ያህል ነው፤ እጥፉ 0.4። እውነተኛው ነጥብ ከሳላችሁት በ0.4 ወደላይ ወይም ወደታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሀ እና በለ መካከል ያለው ልዩነት በሁለቱም ዘንግ 0.5 ነው፤ የሁለቱ ስህተት ሲደመር ይህን ልዩነት ሊውጠው ይችላል። ሁለቱን አንድ ክበብ ውስጥ አስገብታችሁ «ምቹና ውድ» ብላችሁ ጥሯቸው፤ ሐ እና መን ደግሞ «ርካሽና ፈጣን»።

ያው ሰው ሁለቱንም ካፌዎች ስለመዘነ ጥንድ ቲ ቴስት ብትሠሩ የበለጠ ትክክለኛ ፍርድ ታገኛላችሁ፤ ጊዜ ካላችሁ ሥሩት።

ሠ መሃል አካባቢ ወድቋል። «መካከለኛ ካፌ» ነው?

መሃል የሚወድቅ ነጥብ ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ሊኖሩት ይችላሉ። ሰው በእርግጥ መካከለኛ ነው ብሎት ይሆናል፤ ወይም ግማሹ 7፣ ግማሹ 1 ሰጥቶት አማካዩ መሃል አርፎ ይሆናል፤ ወይም በደንብ ሳያውቀው በግምት 4 ሰጥቶት ይሆናል። የሚለያቸው የነጥቦቹ ስርጭት ነው፤ ስለዚህ ስንት ሰው 1፣ ስንት ሰው 2 እንደሰጠ ቆጥራችሁ በባር ግራፍ እዩት።

ሠን 18 ሰው ብቻ ነው ያወቀው፣ ስለዚህ ስህተቱ ወደ 0.7 ያድጋል። የዋጋ ነጥቡ 4.1 ቢባልም ከ3.4 እስከ 4.8 የትም ሊሆን ይችላል። የሠ ዋና ችግር አለመታወቁ ነው፣ ካርታው ደግሞ አለመታወቅን አያሳይም። የአወቁትን ሰዎች ቁጥር ከስሙ ጎን ጻፉ፦ «ሠ (18)»።

ቀኝ ላይኛው ጥግ ባዶ ነው፤ ርካሽም ምቹም ካፌ የለም። ክፍተቱን አገኘሁ ማለት ነው?

ገና አላገኛችሁም። የተገኘው ባዶ ቦታ ነው። ግራ ታችኛው ጥግም እኮ ባዶ ነው፤ ውድና የማይመች ካፌ ማንም ስለማይፈልግ ነው ባዶ የሆነው። ባዶ ቦታ ክፍተት የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፦ እዚያ ቦታ ላይ ደንበኛ ሲኖር፣ እና ካፌ እዚያ ቦታ ቆሞ ሳይከስር መኖር ሲችል። ካርታው ለሁለቱም መልስ የለውም፤ ሌላ መረጃ ይፈልጋል።

እዚያ ቦታ ላይ ደንበኛ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

በመጠይቁ መጨረሻ ሰዎች የሚፈልጉትን ካፌ በዚያው በ1–7 ልኬት እንዲያስቀምጡት ጠይቁ፣ ከዚያ በቡድን ለዩት። በእኛ ምሳሌ 30ዎቹ ተማሪዎች ዋጋ 6.0፣ ምቾት 5.5 ፈለጉ፤ 20ዎቹ ሠራተኞች ዋጋ 4.8፣ ምቾት 3.4። ሁሉንም በአንድ አማካይ ብትጨፈልቋቸው 5.5 እና 4.7 አካባቢ የሚል ነጥብ ይወጣል፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ያልጠየቀው ቦታ ነው። ሁለቱን ነጥቦች ለየብቻ ካርታው ላይ አስቀምጡና ከየካፌው ያላቸውን ርቀት አስሉ። የተማሪዎቹ ምኞት በ`H2` እና `I2` ከሆነ፣ ከመ ያለው ርቀት፦

```
=SQRT((B5-H2)^2+(C5-I2)^2)
```

2.4 ይመጣል፤ ለተማሪዎቹ ከአምስቱ ቅርቡ ይህ ነው። ሠራተኞቹ ግን ከመ የሚርቁት 0.5 ብቻ ነው። ሠራተኛው የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ተማሪው መ የሚሄደው የተሻለ በማጣት ነው። ይህን በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላል፦ «ባለፈው ሳምንት በብዛት የት ሄድክ?» የሚለው መልስ ለተማሪዎች በአብዛኛው መ ካልሆነ፣ የመረጣችኋቸው ዘንጎች ተማሪው የሚወስንባቸው አይደሉም ማለት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽም ምቹም ትፈልጋለህ ወይ ሲባል እምቢ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ምኞት ብቻ ሳይሆን መስዋዕትነት ጠይቁ፦ «ሦስት ሰዓት ማንም ሳያስነሳህ ለመቀመጥ በማኪያቶው ላይ ጥቂት ብር ትጨምራለህ?» ወይም አሥር ነጥብ ሰጥታችሁ በአምስቱ መለኪያዎች ላይ ያከፋፍሉ። ምኞቱ 5.5 የሆነ ተማሪ ለምቾት ከአሥሩ አንድ ነጥብ ብቻ ከሰጠ ለወንበሩ ብሎ ወደ እናንተ አይመጣም።

ደንበኛው ካለ ታዲያ እስከ ዛሬ ቦታውን ማንም ለምን አልያዘውም?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱ የሚገኘውም ወንበሩ ላይ ነው። ሐ ቤት ደንበኛ 20 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይነሳል እንበል። በሦስት ሰዓት ውስጥ አንድ ወንበር ዘጠኝ ሰው ያስተናግዳል። ደብተሩን ዘርግቶ ሦስት ሰዓት የሚያነብ ተማሪ ግን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ማኪያቶ ነው የሚያዝዘው። ሀ እና ለ ይህን ኪሳራ በዋጋ ያካክሱታል፤ ሐ እና መ ወንበሩን ቶሎ በማስለቀቅ። ያ የ-0.95 ተዛምዶ የመጣው ከዚህ ነው። ርካሽ ዋጋና ረጅም ቆይታን ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ ያደረገ ካፌ ኪራዩን መክፈል ያቅተዋል።

ስለዚህ የሚፈለገው ወንበሩ ዋጋ የሌለው ሰዓት ወይም ቦታ ነው። ከምሳ በኋላ እስከ ሥራ መውጫ ያለው ሰዓት ብዙ ካፌ ውስጥ ወንበር ባዶ የሚውልበት ነው፤ ባዶ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ ማንንም አይከለክልም። ከአስፋልቱ ገባ ያለ ወይም ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ኪራዩ ይቀንስ እንደሆነም ጠይቁ። ከሁለት ካፌዎች ፊት ለፊት ቁጭ ብላችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ስንት ወንበር እንደተያዘ ብትቆጥሩ ሙሉ ከሰዓት አይፈጅም፣ ሪፖርታችሁ ግን ከግምት ይወጣል። በጠዋት ጥድፊያ ክፍተቱ አለመኖሩን፣ ከሰዓት ግን መኖሩን በቁጥር ማሳየት ትችላላችሁ።

ሰው ውድ ነው ያለው ካፌ ሜኑው ላይ ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆኖ አገኘሁት። የቱን ልያዝ?

ካርታው ላይ የሰዎቹ ነጥብ ይቆይ፤ ልዩነቱን ግን ለብቻው ጻፉት። ሜኑውና እምነቱ ካልገጠሙ ያ ካፌ የሚያስፈልገው ዋጋ መቀነስ ሳይሆን ዋጋውን በር ላይ በትልቁ መለጠፍ ነው። ከገጠሙ ግን ማስታወቂያ አያድነውም።

የፖዚሽኒንግ ዓረፍተ ነገሩን እንዴት ልጻፈው? ተፎካካሪዎቹስ ዝም ይላሉ?

ለማን፣ ምን ዓይነት ቤት፣ ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ፣ እና ለምን እንደሚታመን ይናገር። ለምሳሌ፦ «ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለው ማንበብ ለሚፈልጉ የማራኪ ተማሪዎች፣ ቤታችን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳያስነሳችሁ በተማሪ ዋጋ የምትቀመጡበት ካፌ ነው፤ ከምሳ በኋላ የላይኛውን ክፍል ለዚሁ ስለመደብነው።» የመጨረሻው ሐረግ ካልተጻፈ ቀሪው ማንም ሊለው የሚችለው ተስፋ ይሆናል።

ከዚያ ካርታው ላይ ከየካፌው ወደ አዲሱ ቦታ ቀስት ሳሉና ማን ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ጻፉ። ሀ እና ለ ዋጋ ቢቀንሱ ቀኑን ሙሉ ከሚከፍሏቸው ደንበኞች ላይ ነው የሚቀንሱት፤ ስለዚህ አይቸኩሉም። የሚያሰጋው መ ነው፦ ዋጋው አሁንም ለተማሪ ይስማማል፣ ተማሪውም እዚያው ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ወንበሮችን ቢለይ ብቻ ቦታውን ይይዛል። መ ላይኛ ክፍል እንዳለውና እንደሌለው፣ ከሰዓት በኋላስ ወንበሩ ባዶ እንደሚሆንና እንደማይሆን ሄዳችሁ አይታችሁ ሪፖርቱ ውስጥ አስገቡት።